ማትሪክስን እዚያው ባለበት በ90 ዲግሪ ማዞር፦ ውጤቱ የመስታወት ምስል ሲሆን የተበላሸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ n×n የሆነ ማትሪክስ በሰዓት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ማዞር አለብኝ፤ ሌላ ማትሪክስ መፍጠር አይፈቀድም። መጀመሪያ ትራንስፖዝ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ረድፍ መገልበጥ እንደሆነ አንብቤ ከታች ያለውን ጻፍኩ። 1 2 3 / 4 5 6 / 7 8 9 ስሰጠው ግን 3 2 1 / 6 5 4 / 9 8 7 ይመልስልኛል። ትራንስፖዙ ጭራሽ ያልተሠራ ይመስላል። ስህተቱ የት ነው? ደግሞስ እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ ለምን መዞር ይሆናሉ?

```python
def rotate(a):
    n = len(a)
    for i in range(n):
        for j in range(n):
            a[i][j], a[j][i] = a[j][i], a[i][j]
    for row in a:
        row.reverse()
```

ምላሽ፦

ትራንስፖዙ ተሠርቷል፤ ችግሩ ሁለት ጊዜ መሠራቱ ነው። i 0፣ j 1 ሲሆኑ 2 እና 4 ቦታ ይለዋወጣሉ። ትንሽ ቆይቶ i 1፣ j 0 ሲሆኑ ሉፑ እነዚያኑ ሁለት ቦታዎች እንደገና ያገኛቸውና ወደነበሩበት ይመልሳቸዋል። ለ3×3 የውስጠኛው መስመር 9 ጊዜ ይሠራል። ከዘጠኙ ሦስቱ በዋናው ሰያፍ ላይ ስለሚያርፉ ቁጥሩን ከራሱ ጋር ይለዋውጣሉ፤ ማለትም ምንም አይለውጡም። የቀሩት ስድስቱ ደግሞ ሦስት ጥንዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ሲለዋወጡ ነው። በመጨረሻ ማትሪክሱ እንደነበረ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው የረድፍ መገልበጥ ብቻ ስለሆነ ያገኙት የመጀመሪያው ማትሪክስ የግራና ቀኝ መስታወት ምስል ነው።

መፍትሔው አንድ ቃል መለወጥ ነው። የውስጠኛው ሉፕ ከ0 ሳይሆን ከ `i + 1` ይጀምር፦

```python
def rotate(a):
    n = len(a)
    for i in range(n):
        for j in range(i + 1, n):
            a[i][j], a[j][i] = a[j][i], a[i][j]
    for row in a:
        row.reverse()
```

እንዲህ ሲሆን j ሁልጊዜ ከi ይበልጣል፤ ስለዚህ ሉፑ የሚረግጠው ከሰያፉ በላይ ያሉትን ቦታዎች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። `range(i)` ብለው ከሰያፉ በታች ያለውን ግማሽ ቢሄዱም ውጤቱ ያው ነው። ዋናው ነገር ከሁለቱ ግማሾች አንዱን ብቻ መርጦ መሄድ ነው።

ይህን ስህተት ለማግኘት የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። በሉፑ መሃል ማትሪክሱን እያተሙ ቢከታተሉ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል። በእርስዎ ኮድ i 0 ሆኖ ሲያልቅ ማትሪክሱ 1 4 7 / 2 5 6 / 3 8 9 ነው፤ የላይኛው ረድፍና የግራው ዓምድ በትክክል ቦታ ተለዋውጠዋል። i 1 ሲያልቅ ግን 1 2 7 / 4 5 8 / 3 6 9 ይሆናል። 2 እና 4 ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ 6 እና 8 ደግሞ ገና አሁን ተለዋውጠዋል። i 2 ሲያልቅ የቀሩትም ተመልሰው 1 2 3 / 4 5 6 / 7 8 9 ይታያል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አትሞ «ይሠራል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሲያትሙ ሉፑ ሙሉ በሙሉ ካበቃ በኋላ፣ ከመገልበጡ በፊት ያትሙ።

የውስጡ ሉፕ ከ `i` ቢጀምርስ? በፓይተን ምንም አይጎዳም፤ የሰያፉ ቁጥሮች ከራሳቸው ጋር ይለዋወጣሉ፣ ያ ብቻ ነው። ነገር ግን በሲ ወይም በሌላ ቋንቋ መለዋወጡን በ`^=` ኦፕሬተር ሦስት ጊዜ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። በዚያ አጻጻፍ አንድን ቦታ ከራሱ ጋር መለዋወጥ ቁጥሩን ወደ 0 ይለውጠዋል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው እርምጃ `x ^ x` ስለሚሆን ዋጋው እዚያው ይጠፋል። ከማዞሩ በኋላ ሰያፉ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ሁሉ ዜሮ ሆነው ካገኙ ምክንያቱ ይኸው ነው። `i + 1` ብሎ መጻፍ ከዚህም ያድናል፤ ስለዚህ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሁለት ነጸብራቆች ለምን መዞር ይሆናሉ?

ትራንስፖዝ በራሱ መዞር አይደለም። ከላይ ግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ በሚወርደው ዋናው ሰያፍ ላይ መስታወት ተቀምጦ የሚታየው ነጸብራቅ ነው። በሰያፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች አይንቀሳቀሱም፣ የቀሩት ሁሉ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ረድፎችን መገልበጥም ነጸብራቅ ነው፤ መስታወቱ በዚህ ጊዜ የቆመው በማትሪክሱ መካከል ከላይ ወደ ታች በሚወርደው ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነው።

አንድ ነጸብራቅ ቅርጹን ይገለብጠዋል፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ የተጻፈን ጽሑፍ ከጀርባው እንደማየት ነው። ወረቀቱን በሁለተኛ መስመር ዙሪያ እንደገና ቢገለብጡት ፊቱ ተመልሶ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ ግን እንደ መጀመሪያው ቀጥ ብሎ ላይቆም ይችላል። የተዛነፈው በስንት ዲግሪ ነው? በሁለቱ መስመሮች መካከል ካለው ማዕዘን እጥፍ። ሰያፉ ከቀጥታው መስመር ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን 45 ዲግሪ ስለሆነ እጥፉ 90 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ውስጥ ያለው ምስጢር ይህ ብቻ ነው።

አቅጣጫውም ከዚሁ ይወጣል። መዞሩ የሚሄደው ከመጀመሪያው የመስታወት መስመር ወደ ሁለተኛው ነው። ሰያፉን ከላይ ግራ ጥግ ይያዙትና በአጭሩ መንገድ ወደ ቀጥታው መስመር አናት ይውሰዱት፤ እጅዎ የሚሄደው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ትራንስፖዝ ቀድሞ ረድፍ መገልበጥ ሲከተል ማትሪክሱ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ቅደም ተከተሉን ቢያዛውሩት፣ ማለትም ረድፎቹን መጀመሪያ ገልብጠው ትራንስፖዙን ቢያስከትሉ፣ ጉዞው ከቀጥታው መስመር ወደ ሰያፉ ስለሚሆን መዞሩ በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሆናል።

እርስዎ ያዩት የመስታወት ምስልም እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ነጸብራቆች ሁልጊዜ የተገለበጠ ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ደግሞ መዞርን ብቻ ይሰጣሉ። ውጤቱ የተገለበጠ ከሆነ ከሁለቱ ነጸብራቆች አንዱ አልተሠራም፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ተሰርዟል ማለት ነው። ውጤቱ ያልተገለበጠ ሆኖ አቅጣጫው ከተሳሳተ ግን ሁለቱም ሠርተዋል፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ወይም የመገልበጡ ዓይነት ነው። የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የማትሪክሱን ዳር ዳር በሰዓት አቅጣጫ ይዙሩት። በ3×3 ምሳሌዎ የመጀመሪያው ማትሪክስ ዳር 1 2 3 6 9 8 7 4 ይላል። ትክክለኛው ውጤት 7 4 1 / 8 5 2 / 9 6 3 ሲሆን ዳሩ 7 4 1 2 3 6 9 8 ነው፤ ከሌላ ቦታ ይጀምራል እንጂ የቁጥሮቹ አከታተል ያው ነው። የእርስዎ ውጤት ዳር ግን 3 2 1 4 7 8 9 6 ነው፤ ያንኑ ሰንሰለት ወደ ኋላ እያነበበ ነው።

አንድ 4×4 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ከ1 እስከ 16 የተሞላ ማትሪክስ እንውሰድ፦

```
 1  2  3  4
 5  6  7  8
 9 10 11 12
13 14 15 16
```

ትራንስፖዙ ስድስት መለዋወጦች አሉት። i 0 ሲሆን 2 ከ5፣ 3 ከ9፣ 4 ከ13 ጋር ይለዋወጣሉ። i 1 ሲሆን 7 ከ10፣ 8 ከ14 ጋር። i 2 ሲሆን 12 ከ15 ጋር። i 3 ሲሆን `range(4, 4)` ባዶ ስለሆነ የውስጡ ሉፕ ምንም አይሠራም። 1፣ 6፣ 11 እና 16 ሰያፉ ላይ ስላሉ ከቦታቸው አልተነሱም፦

```
 1  5  9 13
 2  6 10 14
 3  7 11 15
 4  8 12 16
```

አሁን እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ይገለበጣል። በአንድ ረድፍ ውስጥ አራት ቁጥሮች ስላሉ ሁለት መለዋወጥ ይበቃል፤ ለአራቱ ረድፎች ስምንት፦

```
13  9  5  1
14 10  6  2
15 11  7  3
16 12  8  4
```

አንድ ቁጥር ብቻ መርጠው ይከተሉ። 7 መጀመሪያ የነበረው ረድፍ 1፣ ዓምድ 2 ላይ ነው (ቆጠራው ከ0 ይጀምራል)። ከትራንስፖዙ በኋላ ረድፍ 2፣ ዓምድ 1 ላይ ሆነ። ከመገልበጡ በኋላ ረድፉ ያው 2 ሆኖ ዓምዱ 4 − 1 − 1፣ ማለትም 2 ሆነ። በፊደል ሲጻፍ ጉዞው ይህ ነው፦

```
(i, j)  ->  (j, i)  ->  (j, n-1-i)
```

የመጨረሻው ከመዞሩ ትርጉም ጋር ይገጥማል ወይ? በሰዓት አቅጣጫ ስንዞር የላይኛው ረድፍ የቀኙ ዳር ዓምድ ይሆናል፣ ሁለተኛው ረድፍ ከቀኝ ሁለተኛው ዓምድ ይሆናል፤ ስለዚህ ረድፍ i ዓምድ n−1−i ይሆናል። በረድፉ ውስጥ ከግራ j ኛ የነበረው ደግሞ በዓምዱ ውስጥ ከላይ j ኛ ይሆናል። ያው `(j, n-1-i)` ነው። ይህን ቀመር በቃል ከመያዝ ይልቅ «የላይኛው ረድፍ የቀኝ ዓምድ ይሆናል» የሚለውን መያዝ ይሻላል፤ ቀመሩን ከእሱ በደቂቃ ማውጣት ይቻላል። `n-1-i` በሚለው ቦታ `n-i` ከተጻፈ i 0 ሲሆን ከማትሪክሱ ውጪ ይወጣል፤ ፓይተን `IndexError` ብሎ ያስቆማል፣ ሲ ግን ዝም ብሎ የሌላ ነገር ሜሞሪ ሊነካ ይችላል።

የተሳሳተውን ውጤት አይቶ ስህተቱን ማወቅ

በ1 2 3 / 4 5 6 / 7 8 9 ሲሞከር የሚወጡት የተሳሳቱ ውጤቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ምክንያት ይጠቁማሉ። የእርስዎን አይተናል።

ውጤቱ 1 4 7 / 2 5 8 / 3 6 9 ከሆነ ትራንስፖዙ ብቻ ነው የሠራው፤ መገልበጡ ጠፍቷል። በፓይተን ለዚህ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ይህ ነው፦

```python
for row in a:
    row = row[::-1]
```

`row[::-1]` አዲስ የተገለበጠ ሊስት ይፈጥራል፤ የእኩል ምልክቱ ደግሞ `row` የሚለውን ስም ወደዚያ አዲስ ሊስት ያዞረዋል እንጂ በ`a` ውስጥ ያለውን ሊስት አይነካም። ሉፑ ወደሚቀጥለው ረድፍ ሲሄድ አዲሱ ሊስት ይጣላል። `row.reverse()` ወይም `row[:] = row[::-1]` ሲባል ግን ያው ሊስት ራሱ ይለወጣል። ከሁለቱ `reverse()` ይመረጣል፤ ሁለተኛው ለጊዜው የረድፉን ቅጂ ስለሚፈጥር ነው። ሲጠቀሙበት `row = row.reverse()` እንዳይሉ ይጠንቀቁ፤ `reverse()` ሊስቱን እዚያው ገልብጦ `None` ይመልሳልና ቀጥለው `row`ን ሲነኩ ስህተት ይነሳል።

ሁለተኛው ምክንያት መገልበጡን በእጅ ለሚጽፉ ሰዎች ነው፤ እርስዎ ትራንስፖዙ ላይ የገጠመዎት ራሱ ነገር ነው። በረድፉ ውስጥ j ከ0 እስከ n−1 እየሄደ `a[i][j]`ን ከ`a[i][n-1-j]` ጋር ቢለዋውጥ ግማሹን ካለፈ በኋላ የገለበጠውን መልሶ ይገለብጠዋል። ሉፑ `range(n // 2)` ላይ መቆም አለበት። n ጎዶሎ ሲሆን መካከለኛው ቁጥር ቦታው ላይ ይቀራል፤ ትክክልም ነው።

ውጤቱ ከገባው ማትሪክስ ምንም ካልተለየ ሁለቱም ሉፖች ሙሉውን ሄደው ሁለቱም ራሳቸውን ሰርዘዋል ማለት ሊሆን ይችላል። በፓይተን ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። ፈንክሽኑ ውስጥ `a = [list(r) for r in zip(*a[::-1])]` ይጻፍና አዲሱ ማትሪክስ በትክክል ይሠራል፤ ሆኖም `a` የሚለው ስም በፈንክሽኑ ውስጥ ብቻ ነው የተዘዋወረው፤ የጠራው ሰው እጅ ያለው ማትሪክስ አልተነካም። `a[:] = ...` ቢባል ጠሪው ለውጡን ያያል። ቢሆንም እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ ይህ እዚያው ባለበት ማዞር አይደለም። ከማስተካከሉ በፊት ሙሉ n×n የሆነ ሁለተኛ ማትሪክስ በሜሞሪ ውስጥ ተሠርቷል፤ ጥያቄው የከለከለው ይህንኑ ነው። በተጨማሪ የቆዩት ረድፎች በአዲስ ሊስቶች ስለሚተኩ ሌላ ቦታ የአንዱን ረድፍ ማጣቀሻ ይዞ የነበረ ኮድ አሮጌውን ረድፍ እንደያዘ ይቀራል።

ውጤቱ 3 6 9 / 2 5 8 / 1 4 7 ከሆነ ማትሪክሱ በትክክል ዞሯል፤ ግን በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ። ወይ ረድፎቹ ከትራንስፖዙ በፊት ተገልብጠዋል፣ ወይ ከትራንስፖዙ በኋላ `row.reverse()` በሚለው ፈንታ `a.reverse()` ተጽፏል። ሁለተኛው በዓይን ለመያዝ ይከብዳል፤ ሁለቱም «ረድፎችን መገልበጥ» ይባላሉና። `row.reverse()` በእያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ይገለብጣል፤ `a.reverse()` ግን ቁጥሮቹን ሳይነካ የረድፎቹን ቅደም ተከተል ይገለብጣል፣ የታችኛው ረድፍ ላይ ይወጣል። በመስታወት ቋንቋ መስመሩ ቀጥታው ሳይሆን አግድሙ ሆነ ማለት ነው። ሰያፉን ከላይ ግራ ጥግ ይዘው በአጭሩ መንገድ ወደ አግድሙ መስመር ግራ ጫፍ ቢወስዱት እጅዎ በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ግራ ማዞር ሲፈለግ ይህ ራሱ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ በፓይተን አጭሩም እሱ ነው፣ ምክንያቱም `a.reverse()` አንድ ጥሪ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው n ማጣቀሻዎችን ብቻ ነው። ይህንኑ ጥቅም ወደ ቀኝ ለማዞርም ማግኘት ይቻላል፦ `a.reverse()`ን አስቀድመው ትራንስፖዙን ያስከትሉ። ጉዞው `(i, j)` ወደ `(n-1-i, j)`፣ ከዚያ ወደ `(j, n-1-i)` ይሆናል፤ መድረሻው ከላይ ካገኘነው ጋር አንድ ነው።

ሦስቱም ረድፎች እኩል ሆነው ከተገኙ ደግሞ ማዞሩን አይመርምሩ፤ ማትሪክሱ ሲፈጠር ነው የተበላሸው። `[[0] * 3] * 3` የሚለው አጻጻፍ አንድ ረድፍ ብቻ ፈጥሮ ሦስት ጊዜ ያጣቅሰዋል። በየቦታው ቁጥር ሲሞሉ መጨረሻ የተጻፈው ረድፍ በሦስቱም ላይ ይታያል፦ 7 8 9 / 7 8 9 / 7 8 9። መፍትሔው `[[0] * 3 for _ in range(3)]` ነው።

በነምፓይ ለሚሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። አንድ አንድ ቁጥርን መለዋወጥ እንደ ተራ ሊስት ይሠራል፤ ሙሉ ረድፍን `a[0], a[2] = a[2], a[0]` ብሎ መለዋወጥ ግን አይሠራም። በስተቀኝ ያሉት `a[2]` እና `a[0]` ቅጂ ሳይሆኑ የዚያው ሜሞሪ መስኮቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ረድፍ 0ን ሲሸፍነው ሁለተኛው የሚያነበው የተሸፈነውን ነው፤ ሁለቱም ረድፎች አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ። እንዲሁም `np.rot90(a)` ያለ ተጨማሪ መመሪያ ሲጠራ የሚያዞረው በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ቀኝ ለማዞር `np.rot90(a, k=-1)` ይባላል።

ዋጋው

ትራንስፖዙ n(n−1)/2 መለዋወጥ፣ መገልበጡ n × (n // 2) መለዋወጥ ይፈልጋል። ለ4×4 6 እና 8፣ በድምሩ 14። ከማትሪክሱ ውጪ የሚያስፈልገው ለመለዋወጥ የሚሆን የአንድ ቁጥር ማረፊያ ብቻ ነው፤ n ቢያድግም ይህ አያድግም።

ሌላው የታወቀ መንገድ አራት አራት ቁጥሮችን በክብ ማዘዋወር ነው፦ የላይኛው ግራ ወደ ላይኛው ቀኝ፣ እሱ ወደ ታችኛው ቀኝ፣ እሱ ወደ ታችኛው ግራ፣ እሱ ወደ መጀመሪያው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ በቀጥታ መጨረሻ ቦታው ላይ ያርፋል። በ4×4 16 ጽሑፍ ይበቃል፤ በትራንስፖዙ መንገድ 14 መለዋወጥ 28 ጽሑፍ ነው። በወረቀት ላይ ክቡ ያሸንፋል። ሆኖም በአንድ መስመር ውስጥ አራት የተለያዩ የኢንዴክስ አገላለጾች ስላሉት አንዱን አሳስቶ መጻፍ በጣም ቀላል ነው፣ ሉፖቹ የሚቆሙበት ወሰንም ለሙሉና ለጎዶሎ n በጥንቃቄ መታሰብ አለበት። በትራንስፖዙ መንገድ ግን እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው መፈተሽ ይቻላል። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ክቡን የሚያስገድድ የተለካ የፍጥነት ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ትራንስፖዝና መገልበጥ።

ማትሪክሱ እጅግ ትልቅ ሲሆን በሲ ዓይነት ቋንቋ የሚያዘገየው የመለዋወጡ ብዛት ሳይሆን ትራንስፖዙ ዓምድ እየወረደ ማንበቡ ነው። 4096×4096 የሆነ፣ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት የሚይዝ ማትሪክስ ቢሆን ከአንድ ረድፍ ወደሚቀጥለው መዝለል 16384 ባይት መዝለል ነው። ካሽ ሜሞሪን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በ64 ባይት ቁራጭ ስለሆነ 16 ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ዓምድ ሲወርዱ ግን ከ16ቱ አንዱ ብቻ ተነክቶ ቁራጩ ከመመለስዎ በፊት ሊባረር ይችላል። መድኃኒቱ ማትሪክሱን በትናንሽ ካሬዎች፣ ለምሳሌ በ16×16፣ ከፋፍሎ ሁለት ተጓዳኝ ካሬዎችን አንድ ላይ ማለዋወጥ ነው። ለ3×3 ወይም ለ100×100 ይህን ማሰብ አያስፈልግም።

ፈተናው

ብዙ ሰው የሚጽፈው ፈተና «አራት ጊዜ ቢዞር ወደነበረበት ይመለሳል» የሚል ነው። ይህ ፈተና የእርስዎን ስህተት አይይዝም። የመስታወት ምስል ሁለት ጊዜ ሲደረግ ወደነበረበት ይመለሳል፣ አራት ጊዜም እንዲሁ፤ ስለዚህ የተበላሸው ኮድ ፈተናውን ያለ ችግር ያልፋል። በሰዓት ተቃራኒ የሚዞረውም ያልፋል። ምንም የማይሠራ ባዶ ፈንክሽን እንኳ ያልፋል። በሰያፉ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ቁጥሮች ያሉትን ማትሪክስ መሞከሪያ ማድረግም አይጠቅምም፤ ትራንስፖዙ ቢሠራም ባይሠራም ውጤቱ አንድ ነው። 1×1ም ምንም አይናገርም። 2×2 ግን ይናገራል፦ 1 2 / 3 4 ትክክል ሲዞር 3 1 / 4 2 ይሆናል፣ በእርስዎ ኮድ ግን 2 1 / 4 3።

ሁሉም ቁጥሮች የተለያዩበት ማትሪክስ ወስዶ እያንዳንዱ ቦታ ወደሚገባው ቦታ መሄዱን በቀጥታ መጠየቅ ከሁሉም ይሻላል፦

```python
for n in range(1, 8):
    a = [[i * n + j for j in range(n)] for i in range(n)]
    b = [row[:] for row in a]
    rotate(b)
    for i in range(n):
        for j in range(n):
            assert b[j][n - 1 - i] == a[i][j]
```

ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው `row[:]` የግድ ነው። `b = a[:]` ቢባል የውጪው ሊስት ብቻ ይቀዳል፤ ረድፎቹ የጋራ ስለሆኑ `rotate(b)` የ`a`ንም ረድፎች ይለውጣል፣ ትክክለኛው ኮድም ፈተናውን ይወድቃል። n እስከ 7 መሄዱ ሙሉውንም ጎዶሎውንም ደጋግሞ ለመንካት ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ረድፉና ዓምዱ እኩል ለሆነ ማትሪክስ ነው። 2×3 የሆነ ማትሪክስ ሲዞር 3×2 ይሆናል፤ የሊስቶቹ ብዛትና ርዝመት ራሱ ስለሚለወጥ `a[i][j]`ን ከ`a[j][i]` ጋር ማለዋወጥ ለአንዳንዱ ቦታ የሌለ ቦታን መንካት ይሆናል። ከላይ ያለው `rotate` 3×2 ሲሰጠው `IndexError` ያስነሳል፤ 2×3 ሲሰጠው ግን n 2 ብቻ ስለሚሆን ያለ ምንም ስህተት መልእክት የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ማትሪክስ ከተሰጠዎት አዲስ ሊስት ሠርተው `(j, m-1-i)` ላይ በቀጥታ ይጻፉ፤ m የረድፎቹ ብዛት ነው።